የሐይቅ ዳር ሆቴሌ

መልእክቱ የደረሰኝ ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ምሳዋን ልትበላ ወጥታ በእሷ ወንበር ላይ እኔ ተቀምጬ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ፎቅ ያላት ትንሽ ሆቴል አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን የሠራናት ናት። እሱ ካረፈ በኋላ ብቻዬን ይዣታለሁ። የሆቴሉ ስልክ የእኔው ስልክ ስለሆነ፣ ሰው ለሆቴሉ የሚጽፈው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። መነጽሬን አድርጌ ከፈትኩት።

«ሰላም ውድ የሆቴሉ ማኔጅመንት። በሐይቁ ዳርቻ የሚገኘው ማራኪ ሪዞርታችሁ በፎቶ የሚገባውን ቦታ አላገኘም ብዬ አምናለሁ። እኔ ፍሪላንስ ፎቶግራፈር ነኝ። ለሆቴሎች ወርኃዊ የፎቶ ፓኬጅ አዘጋጅቻለሁ።» ይላል።

ከዚህ በታች ፓኬጆቹ ተዘርዝረዋል፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ። ነሐስ ለገዛ ሰው ፎቶ አንሺው በወር አንድ ቀን መጥቶ ያነሳለታል፣ የተስተካከሉትን ፎቶዎችም በዚያው ሳምንት ያስረክበዋል። ብር ላይ አጫጭር ቪዲዮ ይጨመራል። ወርቅ የገዛ ደግሞ ገጹን ራሱ ፎቶ አንሺው ይይዝለታል፣ በየቀኑም ይለጥፍለታል። ውሉ ቢያንስ ለሦስት ወር ነው፣ ግማሹም በቅድሚያ ይከፈላል። መጨረሻው ላይ «ብሮ፣ ፍላጎቱ ካለህ ጻፍልኝ» ብሎ ዘግቶታል። ከላይ በብዙ ቁጥር አክብሮኝ ከታች ብሮ አደረገኝ።

እኔ ሆቴል በር ላይ ቆሞ ሐይቅ የሚያይ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ጎማ ጠጋኝ ነው። ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ባጃጆች ይሰለፋሉ። ከባጃጆቹ ኋላ የሲሚንቶ መሸጫ አለ፣ ነፋሱ ሲነሳም ሲሚንቶው ከነአቧራው ወደ እኛ ይመጣል። ሐይቅ ያማረው ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ ወይ ቢሾፍቱ ወይ ባቱ ይውረድ።

መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ለአልጋ አንጣፊዋ። ከወለንጪቲ የመጣች፣ ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት የቆየች ሴት ናት። አንሶላ ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«እትዬ፣ ታንከሩን አይቶ ይሆናል» አለች።

ጣሪያችን ላይ ትልቅ ጥቁር የውሃ ታንከር አለ። ቧንቧውን ሳትዘጋው የቀረች ቀን ሞልቶ ይፈስና ግቢው መሐል ይተኛል። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሐይቁ እንዴት አደረ ተባባልን።

ወርኃዊ የሚለው ቃል ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አልጋዬ በየወሩ አይለወጥም። ቁም ሳጥኑም ባለቤቴ ያሠራው ያው ቁም ሳጥን ነው። በመጋቢት የተነሳ አልጋ በሚያዝያ ሌላ አልጋ የሚሆንበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳኝ አይችልም። ሰውየው በየወሩ መጥቶ ያንኑ ትራስ ከግራና ከቀኝ እያነሳ ሊከፈለው ነው።

ከስሙ ሥር «ሥራዎቼ» የሚለውን ተጭኜ አየሁለት። ሁሉም ሙሽራ ነው። ሙሽሪት ቬሏን ነፋስ ላይ ትለቃለች፣ ሚዜዎች ተሰልፈው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሙሽራው መኪና ላይ ተደግፎ የሌለ ነገር ያስባል። አንድ አልጋ፣ አንድ ክፍል የለበትም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል። ሠርግ ሲቆም የሠርግ ፎቶ አንሺ ቤቱ ይቀመጣል። ይኼኛው ቤቱ መቀመጥ አልሆነለትም። ሐይቅ ዳር ያሉትን ሆቴሎች በየተራ አዳርሶ፣ እነሱ እምቢ ሲሉት ያንኑ ጽሑፍ ሳይነካው ወደ እኛ ላከው።

ይህን ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። የእኔም ክፍሎች በዚያው ምክንያት ባዶ ነበሩ። በጥር የሠርገኛ ዘመድ ከየአገሩ መጥቶ ይሞላናል፣ አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሆነው ያድራሉ። ጾሙ ሲገባ ቁልፎቹ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ተሰቅለው ይውላሉ።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ልጄ ቢሾፍቱ ነው የሚኖረው። ሆቴሏን ለአንድ ሰው እናከራይ ብሎ ከያዘኝ ከርሟል። ተከራዩ አዳራሹን ከምግብ ቤቱ ጋር አቀላቅሎ ላውንጅ ሊያደርገው ነው። ላውንጅ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ አንድ አለ፤ ሙዚቃው እስከ መኝታዬ ይመጣል። ልጄ ክፉ አይደለም። ባዶ ቤት ይዘው ከሚደክሙ ኪራዩን እየበሉ ይረፉ ነው የሚለው። እኔም እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ፣ እስከዚያ ቤቱ ካልሞላ የፈለግከውን ታደርጋለህ አልኩት። እሺ አለ። ሊከራይ ያሰበውም ሰው ይህን ሰምቶ እየጠበቀ ነበር።

በጾም ሆቴል የሚሞላው በሥልጠና ብቻ ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ አስተባባሪዎች ሠልጣኝ ይዘው ይመጣሉ፣ አዳራሽና አልጋ ይይዛሉ፣ ሻይና ምሳ ያዛሉ። ዱሮ ስልክ ይደውሉና ዋጋ ይጠይቁ ነበር። አሁን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ፎቶ ላኩልን ነው። ከጾሙ በፊት አንዱ ሲጠይቀን እንግዳ ተቀባይዋ በስልኳ አንስታ ላከችለት። ኋላ አስከፍቼ አየሁት። አዳራሹ ዋሻ ይመስላል። አልጋው ሥር የእኔ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። በመታጠቢያ ቤቱ ፎቶ ላይ ልጅቷ ራሷ መስታወቱ ውስጥ አለች፣ ስልኳን እንደያዘች፣ ፈገግ ብላ። አስተባባሪው እናሳውቃችኋለን ብሎ ሠልጣኞቹን ከእኛ ማዶ ወዳለው አዲስ ሕንፃ ወሰዳቸው።

መልእክቱ በደረሰኝ ሰሞን ሌላ አስተባባሪ ጠይቃን ነበር። የመምህራን ሥልጠና ነው፤ ገና በጾሙ ውስጥ ተጀምሮ እስከ ሰሙነ ሕማማት ዋዜማ የሚዘልቅ። ፎቶ እስከ ሰኞ ላኩልኝ ብላለች። እንዲያ ባይሆን ኖሮ የሐይቁን ሰውዬ አጥፍቼው ነበር።

«ሐይቁን የት አየኸው?» ብዬ ጻፍኩለት።

ቶሎ መለሰ። ይቅርታ ብሮ፣ ለሌላ ሆቴል የተዘጋጀ ነው፣ ያው የእናንተም ውብ ነው አለኝ። የእኛን አይተኸው ታውቃለህ ብዬ ስጠይቀው፣ በካርታ ላይ አይቼዋለሁ አለ። ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ ብሮው ቀርቶ «ማዘር» አለኝ። ማዘር የሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የሚሸጥልኝ ነገር አለው። የወለድኩትም እንኳ እናቴ ይላል።

ያን ሰዓት ባቱ ነበር። ከኋላው ጀልባ የሚያስነሱ ሰዎች ይሰሙኛል። ወርኃዊውን አልፈልግም፣ አንድ ቀን መጥተህ አንስተህ ትሄዳለህ፣ የአንድ ወር የነሐስ ዋጋ እከፍልሃለሁ አልኩት። እሱ ወርኃዊው ለምን እንደሚሻል ያስረዳኝ ጀመር። ገጹ ላይ አዲስ ነገር ካልወጣ ሰው የተዘጋ ሆቴል ይመስለዋል አለኝ። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ማስጨረሱን አስጨርሼው ጠየቅኩት።

«ውሉ ሦስት ወር ነው አይደል? ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እሁድ እሁድ የት ነህ?»

ከጀልባዎቹ ራቅ ብሎ መለሰልኝ።

«ሠርግ ይኖረኛል፣ ማዘር።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ቅድመ ሠርግ እናነሳለን።»

«እንግዲያ ለአንድ ቀኑ ና» አልኩት። መጣ።

ጠዋት በማለዳ ደረሰ፤ ይህን አልነፍገውም። ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፣ ብርሃኑም ይነጣል ብሎ ራሱ ነው ማለዳውን የመረጠው። ቀጭን ነው፣ ፀጉሩን ከጎን ተላጭቷል። ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ፣ በአንድ እጁ የካሜራ ማቆሚያ፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። አልጋ አንጣፊዋ በኦሮምኛ «አከም ቡልተን»፣ እንዴት አደሩ ስትለው «ፋይን ነኝ» አላት።

ፌስታሉ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ፣ የፕላስቲክ ወይንና ሁለት የወይን ጠጅ ብርጭቆ አለ። ቁጥር አንድ ክፍል ገብቶ እነዚህን አልጋው ላይ በሰፌድ ደረደራቸው። ሰፌዱን ከወጥ ቤት ነው የወሰደው፣ ሳያስፈቅድ። እኔ ሆቴል ውስጥ ማንም አልጋው ላይ ወይን ቀርቦለት አያውቅም፤ ቢቀርብለትም ክፍል ተሳስታችኋል ይል ነበር። ይህን ነግሬው እንኳ አልጨረስኩ፣ ትሪ ላይ ቁርስ ያስፈልገናል አለ። እንቁላል፣ ቺዝ ያለበት ሳንድዊች፣ አረፋ ያለው ማኪያቶ። ወጥ ቤታችን በሁዳዴ የጾም ብቻ ነው የሚሠራው። ወጥ ሠሪዋ ይህን ስትነግረው ወደ እኔ ዞረ።

«ፎቶ እኮ አይጾምም፣ ማዘር።»

ወጥ ሠሪዋ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ፎቶው አይጾምም» አልኩት፣ «ምድጃው ግን ይጾማል።»

ሽሮ አቅርቡ ብሎ ተደራደረ። ሽሮ አልጋ ላይ አይቀርብም ተባለ። ፌስታሉን መልሶ ሰበሰበ።

ከዚያ ክፍሉን አነሳና ማሳያውን አዙሮ አሳየኝ፣ እንደሚሸልም ሰው። አላወቅኩትም። አልጋው ከወዲያ ማዶ ነው፣ ወለሉ ሰው እየሮጠ የሚያቋርጠው ይመስላል፣ ቁም ሳጥኑ ወደ ጎን ተለጥጦ የጋራዥ በር አክሏል። የማን ቤት ነው አልኩት። የእርስዎ ነው አለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሻንጣ ከከፈተ አንዱ በረንዳ መውጣት አለበት።

«ሰፊ ሌንስ ነው» አለ። «ሁሉም ሆቴል እንደዚህ ነው የሚነሳው።»

«እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲገባ ሌንሱ አብሮት ይገባል?»

እኔ የተታለለ እንግዳ አይቻለሁ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ይወረውራል፣ ከዚያ ለሚያውቃቸው ሁሉ ይናገራል። አስተባባሪ ደግሞ የሚያውቀው ሌላ አስተባባሪ ነው። ሌንሱን ቀይሮ፣ ቦታ ስላነሰው በሩ ላይ ወጥቶ፣ ግማሽ ሰውነቱ ኮሪደር ሆኖ እንደገና አነሳው። አንዴ ለመስኮቱ፣ አንዴ ለክፍሉ እያለ ደጋገመ። መስኮቱ ሲነጻ ክፍሉ ይጨልማል፣ ክፍሉ ሲበራ መስኮቱ ይቃጠላል፣ ኮምፒዩተር ላይ አዋህዳቸዋለሁ አለ። የሚያውቀውን ሲሠራ ዝም ይላል። ዝም ያለ ጊዜ የሚጠላ ሰው አልነበረም።

አዳራሹንና መታጠቢያ ቤቱን አላሰበባቸውም። ሽንት ቤት ማን ያያል አለኝ። ሠልጣኝ ያያል አልኩት፣ አስተባባሪ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ወንበሮቹ ጠረጴዛውን ከሦስት ጎን ከበው እንዲቀመጡ አደረግን፤ ሠልጣኝ ሲኖር የሚቀመጡት እንደዚያ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ሲያነሳ መስታወቱ ውስጥ እንዳይገባ ጎንበስ ብሎ አነሳ። አልጋ አንጣፊዋ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነችው።

በመጨረሻ ማዶ ካለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሆቴሏን ከነግቢዋ አነሳ። ታንከሩ መሐል ላይ፣ ጥቁር፣ ከሁሉም ገዝፎ ይታያል። ይሄን አጠፋዋለሁ፣ በሁለት ደቂቃ ሰማይ አደርገዋለሁ አለኝ። ተወው አልኩት። ያስቀይማል አለ። ላንተ ፓኬጅ ያስቀይም ይሆናል፣ እኔ ግን ከፍዬ ያሰቀልኩትን ታንከር ከፍዬ አላስጠፋም አልኩት። ያስጨነቀኝ ነገር አልነበረም። እሱ ላጥፋው ስላለ ብቻ አላስጠፋም አልኩ።

ፎቶዎቹ እንዳለው እሁድ ማታ ሳይደርሱ ሰኞ ጠዋት መጡ፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሚከፈት አልበም ሆነው። እንግዳ ተቀባይዋ ቀኑ አለፈብን ብላ ደንግጣ ሳታነብ ለአስተባባሪዋ አስተላለፈችው። አስተባባሪዋ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ሴት ናት፣ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው» አለችኝ። «ሐይቁ ከሆቴሉ ምን ያህል ይርቃል?»

ስልኩን ይዤ እንግዳ ተቀባይዋን አየኋት። እሷ አልበሙን ከፈተች። ከላይ፣ በትልቁ፣ «ማራኪው የሐይቅ ዳርቻ ሪዞርት» ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ፎቶውን ለወጠ፣ ሐይቁን ግን ይዞት መጣ።

ልጄ ትዝ አለኝ። ላውንጁም ትዝ አለኝ። ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም ብዬ ነገሩን ማድበስበስ እችል ነበር፤ የባቱን ሐይቅ ቆጥሬ።

«ሐይቅ የለንም» አልኳት። «ፎቶ አንሺው የማይረባ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው የለጠፈብን።»

ሥልጠናው የሄደ መሰለኝ።

«ጣሪያው ላይ ያለው ታንከርስ? እሱም የሌላ ሰው ነው?»

«እሱ የእኛ ነው።»

«ይሠራል?»

የከተማው ውሃ ሲጠፋ የሚይዘን እሱ ነው፣ መጥፋቱን እንግዳ ሳያውቀው ተመልሶ ይመጣል አልኳት። ሳቀች። ያለፈውን ሥልጠና ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ወስደናቸው ነበር አለች። «ሐይቅ እያዩ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ነው የሰነበቱት። እስከ ዛሬ ይሰድቡኛል።» በማግስቱ ራሷ መጣች። አዳራሹን አልፋ፣ ቁጥር አንድን አልፋ፣ ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ፎቶው ላይ እንዳለው ነው አለች። ቤቱን ያዘችው።

መምህራኑ መጡ። ሰሌዳው ላይ ቁልፍ አልቀረም። አንድ ቀን ልጄና ላውንጅ የሚከፍተው ሰው ሜትር ይዘው አዳራሹን ሊለኩ መጡ። ልጄ ቤቱ ያው ባዶ ነው ብሎት ነበር መሰለኝ። በሩን ሲከፍቱ ሠልጣኞቹ ዞረው አዩዋቸው። አሠልጣኙ አረፍዳችሁ፣ ከኋላ ቦታ አለ አላቸው። ሰውየው ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ልጄ ሻይ ጠጥቶ፣ ሲወጣ «እስከ መስከረም እንተወው» አለኝ። እሺ አልኩት። አስተባባሪዋም ቀጥላ ሁለተኛውን ቡድን ላከች።

ፎቶ አንሺው ከፋሲካ በኋላ እንደ ጤዛ ጠፋ። ገጹ እንደገና ሙሽራ በሙሽራ ሆነ። እንኳን በየወሩ፣ አልበሙ ላይ ያለውን ሐይቅ አጥፋልን ብለን ስንጽፍለት እንኳ አልመለሰም። ርእሱን እንግዳ ተቀባይዋ በሰው እርዳታ አስጠፋችው።

በፍልሰታ ሠርግ እንደገና ቆመ። ጾሙ በገባ ሰሞን ስልኬ ጮኸ።

«ሰላም ውድ የሆቴሉ ማኔጅመንት። በሐይቁ ዳርቻ የሚገኘው ማራኪ ሪዞርታችሁ» ብሎ ይጀምራል። አንድ ፊደል አልተለወጠም። ነሐሱም፣ ብሩም፣ ወርቁም፣ ብሮም እንዳለ ነው። እኔን ማንሳቱን ረስቶታል። ምናልባት ማንንም አንስቶ አያስታውስም።

ያን ቀን ሦስተኛው ቡድን ገብቶ ክፍል አልነበረንም። አልጋ አንጣፊዋ በሥራ ብዛት ቧንቧውን ረስታው ታንከሩ ሞልቶ ግቢው ላይ ይወርድ ነበር። ሠልጣኞቹ ጫማቸውን እያነሱ ይዘላሉ።

«ሐይቁ ዛሬ ሞልቶ ፈሷል» ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው መለሰ።

«ዋው። ለቪዲዮ አሪፍ ነው፣ ብሮ።»

ለአልጋ አንጣፊዋ አነበብኩላት። ቧንቧውን ልትዘጋ እየሳቀች ወደ ጣሪያው ወጣች።